መዝሙሩ ከመቀረጹ በፊት፦ አዲስ ግጥምን ከካህን ጋር ስለ መመርመር



ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 14 ላይ፣ በመንፈስም በአእምሮም መዘመር እንደሚገባ ያስተምራል። በመንፈስ መዘመርን መዘምራኖቻችን ያውቁበታል። በየቁምስናው ወጣቶች ግጥም ይጽፋሉ፣ ዜማ ያወጣሉ፣ ገንዘብ አዋጥተው ያስቀርጻሉ። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለ ሁለተኛው፣ ማለትም በአእምሮ ስለ መዘመር ነው። ይኸውም አዲስ የተጻፈ ግጥም ወደ መቅረጫው ክፍል ከመግባቱ አስቀድሞ ከካህን ጋር እንዴት እንደሚመረመር፣ ስሕተቱስ በየትኛው ቃል ውስጥ እንደሚደበቅ ነው።

ብዙ ሰው የሃይማኖት ስሕተት የሚመጣው ከተሳሳተ ልብ ይመስለዋል። ታሪክም እንዲህ ያለ ምሳሌ አላሳጣንም። አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው የሚለውን ትምህርቱን ያሰራጨው በስብከት ብቻ አልነበረም። ታልያ የተባለውን ግጥም እንደ ጻፈ ቅዱስ አትናቴዎስ ይነግረናል። ለመርከበኞች፣ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞች የሚሆኑ መዝሙሮችንም እንዳዘጋጀ የጥንት ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. ትምህርቱን ሲያወግዝ ዜማው አስቀድሞ በየመንገዱና በየወደቡ ደርሶ ነበር። በእኛ ቁምስናዎች ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ግጥሙን የሚጽፈው ወጣት ሃይማኖቱን ጠይቃችሁት በቃል ሲመልስ ምንም አይሳሳትም። ስሕተቱ የሚገባው ቤት ለመምታት ሲል በመረጠው ግሥ፣ ወይም ሳያስበው ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ «አንተ» ነው። ስለዚህ ምርመራው የጸሐፊውን እምነት የሚፈትን ችሎት አይደለም፤ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያይ ሥራ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት እንዲረዳን፣ በልዩ ልዩ መዝሙሮች ተበታትነው የሚገኙትን ድካሞች በአንድ ላይ ሰብስበን ለዚህ ጽሑፍ ብለን አንድ ግጥም አዘጋጅተናል። የማንም ሥራ አይደለምና ማንም አይቀየምበት። እነሆ፦

አባት ሆይ ሰማይ ምድርን በቃልህ የፈጠርህ፣
ስለ እኔ በመስቀል ላይ ነፍስህን የቸርህ።

ከሰማይ ወርደህ ሥጋን እንደ ልብስ ለበስህ፣
ሥራህን ስትፈጽም አውልቀህ ተመለስህ።

አዝማች፦ ከአብ ያነሰ አይደለም ኢየሱስ ጌታችን፣
ከአብ ያነሰ አይደለም አምላክ ነው ንጉሣችን።

በኅብስቱ ውስጥ ገብተህ ወደ እኔ ትመጣለህ፣
በምልክትህ በኩል ፍቅርህን ታሳየኛለህ።

ማርያም እናቴ ሆይ ኃጢአቴን ይቅር በዪኝ፣
ከተቈጣው ልጅሽ ጋር አንቺው አስታርቂኝ።

ጌታ ሆይ ወዴት ነህ፣ ለምን ዘነጋኸኝ፣
ሌሊቱ ሲረዝም ብቻዬን ተውኸኝ።

ይህን ግጥም በዜማ ብንሰማው ብዙዎቻችን እንባ እያፈሰስን አብረን እንዘምረው ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠውና፣ በአንድ ወገን ካህኑ በሌላው ወገን ጸሐፊው ተቀምጠው እንደሚያነቡት አድርገን እንመልከተው።

የካህኑ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይህን የምትለው ለማን ነው?» የመጀመሪያው ቤት የሚጠራው አባትን ነው፤ ቀጥሎ ግን በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠው ያው አባት ሆኖ ይገኛል። አብ አልተሰቀለም፤ የተሰቀለው ሰው የሆነው ወልድ ነው። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሰባልዮስና መሰሎቹ አብና ወልድ የአንድ አካል ሁለት ስሞች ናቸው ብለው ሲያስተምሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የተቃወመቻቸው አብ ተሰቀለ ወደሚል ፍጻሜ ስለሚያደርስ ነበር። የእኛ ወጣት እንዲህ አላሰበም። ኢየሱስን በፍቅር «አባቴ» ማለት ለምዶ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 9 ላይ የሚወለደውን ሕፃን የዘላለም አባት ብሎ ጠርቶታልና፣ ክርስቶስን አባት ማለት በራሱ ኑፋቄ ነው ብሎ የሚቈጣ ካህን ቢኖር እርሱ ራሱ ይሳሳታል። እዚህ ላይ ችግር የሚሆነው ፈጣሪውን አባት ጠርቶ፣ ልጁን ፈጽሞ ሳያነሣ፣ የልጁን ሥራ ለአባት መስጠቱ ነው። ሰሚው ሌላ የሚረዳበት መንገድ የለውም።

ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከአንድ አሮጌ ክርክር እንረዳለን። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የአንጾኪያው ፓትርያርክ ጴጥሮስ፣ ሦስት ጊዜ ቅዱስ በሚባልበት መዝሙር ላይ ስለ እኛ የተሰቀለ የሚል ቃል ጨመረ። መዝሙሩን ለቅድስት ሥላሴ እንደሚቀርብ አድርገው የሚዘምሩት ቍስጥንጥንያውያን ሥላሴ ተሰቀለ ማለት ነው ብለው ተቈጡ። ለክርስቶስ እንደሚቀርብ አድርገው የሚዘምሩት ምሥራቃውያን ግን ምንም ስሕተት አላዩበትም። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በተጠራው አካል ምክንያት ለአንዱ ኑፋቄ፣ ለሌላው ቀና እምነት ሆነ። በግዕዝ ሥርዓታችን የሚዘመረው ይኸው መዝሙር ከድንግል ማርያም መወለድን ስለሚያነሣ፣ የሚናገረው ስለ ወልድ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ቤት ለማቅናት ግጥሙን ማፍረስ አያስፈልግም። ሁለተኛውን መስመር ብቻ እንለውጥ፦

አባት ሆይ ሰማይ ምድርን በቃልህ የፈጠርህ፣
አንድያ ልጅህን ለዓለም ቤዛ የቸርህ።

ቤቱ ሳይበላሽ ትምህርቱ ቀና። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። የመጀመሪያው ቤት ለአብ ከሆነ፣ በሁለተኛው ቤት ከሰማይ የወረድህ የሚለው «አንተ» ማን ነው? በአማርኛ አድራጊው በግሡ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚኖር፣ ስም ካልተጠራ ሰሚው ያንኑ አባት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛው ቤት «ኢየሱስ ሆይ» ብሎ መጀመር አለበት። አንዱን መስመር ማቃናት ሌላውን ያናጋልና፣ የታረመ ግጥም ሁሉ እንደ ገና ከራስ እስከ እግሩ መነበብ ይገባዋል።

ሁለተኛው ቤት ያማረ ምሳሌ ይዟል፤ ችግሩ ምሳሌው ከልኩ ማለፉ ነው። ሥጋን ለበሰ ማለት አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ነው፤ ማንም አያስቀረውም። ልብስ ግን ይወልቃል። ጸሐፊው ምሳሌውን ተከትሎ ሄደና፣ ጌታ ሥራውን ሲፈጽም ሥጋውን አውልቆ ወደ ሰማይ ተመለሰ አለ። እኛ የምናምነው ግን በዚያው በተሰቀለው ሥጋ እንደ ተነሣ፣ በዚያው ሥጋ እንዳረገና ዛሬም በአብ ቀኝ ሰው የሆነ አምላክ ሆኖ እንደሚኖር ነው። ሥጋው የወለቀ ቢሆን ኖሮ የእኛም ትንሣኤ ተስፋ ከእርሱ ጋር በወለቀ ነበር። ልጇን የቀበረች እናት ይህን መዝሙር በለቅሶ ቤት ስትሰማ የሚደርስባትን ጉዳት አስቡ፤ ሥጋ የሚጣል ነገር ነው ተብሎ ተዘመረላት ማለት ነው። መታረሙ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ኢየሱስ ሆይ ወርደህ ሥጋችንን ለበስህ፣
በዚያው ሥጋ ተነሥተህ ወደ አብ ተመለስህ።

«እንደ ልብስ» የሚለውም መውጣቱን ልብ በሉ። ልብስና ለባሹ ሁለት ሆነው የሚቀሩ ነገሮች ናቸው፤ ቃል ግን ሥጋን የተዋሐደው ከቶ በማይለይ አንድነት ነው።

ወደ አዝማቹ ስንመጣ ወረቀቱ ላይ ምንም ስሕተት የለበትም። ኢየሱስ ከአብ አያንስም ይላል፤ የኒቅያ አባቶችም ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ካህኑ ወረቀቱን ብቻ አንብቦ ቢመልስ ኖሮ ያለ ነቀፋ ባለፈው ነበር። አሁን ዜማውን እናስገባው። ዜማ አውጪው ከስድስተኛው ቀለም በኋላ መተንፈሻ አደረገ፤ ከዚያም ግማሹን መስመር መዘምራኑ እየተቀባበሉ እንዲደጋግሙት አዘዘ። የሚሰማው እንዲህ ሆነ፦ ከአብ ያነሰ… ከአብ ያነሰ… ከአብ ያነሰ… አይደለም። በቋንቋችን ማሰሪያው በመጨረሻ ይመጣል፤ አፍራሹ ቃል ከመድረሱ በፊት ግማሹ መስመር ሦስት ጊዜ ተዘምሯል። በአምስት ቤት መካከል አዝማቹ አምስት ጊዜ ቢመለስ፣ ሕፃናት ይዘውት የሚሄዱት ያንን ግማሽ ነው። አርዮስ ራሱ ከዚህ የተሻለ አዝማች ባልተመኘም ነበር ብንል ቀልድ አይሆንም።

ስለዚህ ምክራችን፣ ትልቁን የሃይማኖት ነጥብ በአሉታ አትዘምሩት የሚል ነው። «ከአብ ያነሰ አይደለም» በማለት ፈንታ «ከአብ የተካከለ ነው» ቢባል፣ ዜማው በፈለገበት ቦታ ቢቈርጠው እንኳ ቀሪው እውነት ሆኖ ይቀራል። ካህኑም ቢያንስ አንድ ጊዜ መዝሙሩን በዜማ መስማት አለበት፤ በስልክ የተቀዳ የልምምድ ድምፅ ይበቃል። ምናልባት አንድ ብልህ ወጣት ጌታ ራሱ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 አብ ከእርሱ እንደሚበልጥ ተናግሮ የለምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። ያ ቃል ስለ ለበሰው ሰውነት የተነገረ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ይሁን እንጂ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ቃል ለስብከት እንጂ ለአዝማች አይሆንም።

የቅዱስ ቁርባን መዝሙር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ካቶሊካውያን ጳጳሳት የትምህርተ ሃይማኖት ኮሚቴ ስለ መዝሙር ግጥሞች ምርመራ ባወጣው ጽሑፍ፣ በመጀመሪያ ካነሣቸው ድካሞች አንዱ ከቅዳሴው በኋላ ኅብስቱና ወይኑ እንደ ነበሩ የቀሩ የሚያስመስሉ ግጥሞች ናቸው። የእኛም ምሳሌ በዚሁ ይወድቃል። «በኅብስቱ ውስጥ ገብተህ» ስንል ኅብስቱ ኅብስት ሆኖ ቀርቶ ጌታ እንደ እንግዳ ገባበት ማለታችን ነው። የትሬንት ጉባኤ በ1551 እ.ኤ.አ. እንዳስተማረው ግን የኅብስቱ ህላዌ ሁሉ ወደ ክርስቶስ ሥጋ ይለወጣል፤ የሚቀረው የሚታየው መልክና የሚቀመሰው ጣዕም ነው። ስለዚህ «በኅብስት መልክ» ይባላል። ልዩነቱ ሁለት ቃል ነው፤ ትርጉሙ ግን በጣም የራቀ ነው።

«ምልክት» የሚለውንም ካህኑ በቀይ ከመሰረዙ በፊት ያስብ። ምሥጢራት ምልክቶች ናቸው፤ ምልክትነታቸውን መካድም ስሕተት ነው። ነገር ግን የሚያመለክቱትን በእውነት የሚሰጡ ምልክቶች ናቸው። ግጥሙ የጐደለው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ጌታ በምልክት በኩል ፍቅሩን ከሩቅ የሚያሳይ እንጂ ራሱን የሚሰጥ አይመስልም። ኅብስት የሚለው ስም ራሱም ክልክል አይደለም፤ ጌታ ራሱን የሕይወት እንጀራ ብሏልና። እንዲህ ብንለው፦

በኅብስት መልክ ሆነህ ወደ እኔ ትመጣለህ፣
ሥጋህንና ደምህን ለነፍሴ ትመግባለህ።

ስለ እመቤታችን በተጻፈው ቤት ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ካህናት ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ያያሉ። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፦ ኃጢአትን ይቅር የሚል እግዚአብሔር ነው። ድንግል ማርያም ትለምናለች፣ ታማልዳለች። ሁለተኛው በ«ተቈጣው ልጅሽ» ውስጥ ተደብቋል። ልጁ ጨካኝ፣ እናቱ ርኅርኅት፤ እርሱ ሊቀጣ ሲነሣ እርሷ ክንዱን የምትይዝ ሆኖ ይታያል። የእናቲቱ ርኅራኄ ግን ከልጇ የተቀበለችው ነው፤ ከመስቀል ላይ ሆኖ ለእኛ እናት አድርጎ የሰጠን እርሱ ነውና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሕገ ደንብ ቍጥር 62 ላይ፣ ስለ እመቤታችን የሚባለው ሁሉ ብቸኛው አማላጅ ከሆነው ከክርስቶስ ክብር ምንም የማይቀንስ፣ ምንም የማይጨምር ሆኖ መታወቅ እንዳለበት አስተምሯል። በኅዳር ወር 2025 እ.ኤ.አ. የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባወጣው ሰነድ ደግሞ እመቤታችንን ከክርስቶስ ጋር አብራ ያዳነች የሚል መጠሪያ መስጠት ተገቢ እንዳልሆነ ገልጿል። በመዝሙሮቻችን ውስጥ ይህን የሚመስሉ ስሞች ስላሉ ጸሐፊዎች ልብ ሊሉት ይገባል። ለቤታችን የሚበቃው ቃና ዘገሊላ ነው፦

ማርያም እናቴ ሆይ ለእኔ ኃጢአተኛው ለምኚልኝ፣
በቃና እንዳማለድሽ ለልጅሽ አሳስቢልኝ።

ቀለሙ በአንድ ሁለት እንደ በዛ እናያለን። ያን ማስተካከል የዜማ አውጪው ሥራ ነው። ካህን ግጥም አይጻፍላችሁ፤ ምክንያቱን ይንገራችሁ፣ ቃሉን እናንተ ፈልጉት። በካህን የተጻፈ መስመር ብዙ ጊዜ እንደ ካቴኪዝም መልስ ይሰማል፤ እንደ እኛ ያለ መስመር ማለታችን ነው።

የመጨረሻው ቤት ጌታን ለምን ዘነጋኸኝ ይላል። ብዙ ካህን በመጀመሪያ የሚሰርዘው ይህንኑ ነው፤ እግዚአብሔር አይዘነጋምና ክሕደት ነው ብሎ። እኛ ግን ከስድስቱ ቤቶች ምንም ሳይነካ መቅረት ያለበት ይህ ነው እንላለን። ዳዊት በመዝሙር 13 እስከ መቼ ትረሳኛለህ እያለ ይጮኻል። ጌታችንም በመስቀል ላይ የመዝሙር 22ን መጀመሪያ በአንደበቱ ወስዶታል። መዝሙር 88ማ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ይፈጸማል፤ በመጨረሻው የመጽናኛ መስመር ይጨመርበት ያለ ግን የለም። ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ የሚያስተምር ቃልና ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽ ቃል በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። «እግዚአብሔር ሰውን ይዘነጋል» ቢል ኖሮ ትምህርት ነውና እናርመው ነበር፤ «ለምን ዘነጋኸኝ» ግን ጸሎት ነው፤ የሚዘነጋ አምላክን ማንም አይጣራምና። ይህን መለየት የማይችል መርማሪ ስሕተትን ሲፈራ ሐዘንተኛውን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣዋል።

አሁን ስለ አካሄዱ ጥቂት እንበል። ግጥሙ ወደ ካህኑ መሄድ ያለበት ዜማው ሳይጠና፣ ለመቅረጫው ክፍልም ቀብድ ሳይከፈል ነው። ዜማው ከተጠና በኋላ እያንዳንዱ ቀለም ቦታውን ስለሚይዝ አንድ ቃል መለወጥ ከባድ ይሆናል፤ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ ካህኑ እንዲመረምር ሳይሆን እንዲባርክ ብቻ ይጠበቃል። ወረቀቱ ሰፊ ኅዳግ ይኑረው፤ ጸሐፊው በየመስመሩ አንጻር የተነሣበትን የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ ይጻፍ። ይህ ካህኑን ከመርዳቱም በላይ፣ ኅዳጉ ባዶ የቀረበት መስመር ከየት እንደ መጣ ጸሐፊውን ራሱን እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ካህኑም አስተያየቱን በጽሑፍ ይስጥ። የ1983 እ.ኤ.አ. የላቲን ሕገ ቀኖና በቍጥር 830 ላይ መጻሕፍትን የሚመረምር ሰው አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ፈቃድ ካልተሰጠም ምክንያቱ ለደራሲው እንዲነገረው ያዛል። ለአንድ የቁምስና መዝሙር ይህን ሁሉ ሥርዓት መፈጸም ባያስፈልግም፣ መንፈሱ ግን ፍትሐዊ ነው፤ «አልወደድሁትም» ምክንያት አይደለም። ካህኑ ይህ ስሕተት ነው፣ ይህ በሁለት መንገድ ሊሰማ ይችላል፣ ይህ ደግሞ የእኔ ስሜት ብቻ ነው ብሎ ለይቶ ቢጽፍ፣ ጸሐፊው የትኛውን የግድ መለወጥ እንዳለበት፣ በየትኛው ላይ ነፃ እንደ ሆነ ያውቃል። ካህኑ ራሱ ያልተረዳው ነጥብ ሲገጥመው ወደ ሀገረ ስብከቱ ይላከው፤ ይህም ማነስ አይደለም።

ወሰኑም ይታወቅ። የቁምስና ካህን ግጥሙን አየ ማለት መዝሙሩ በቅዳሴ ውስጥ እንዲገባ ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ያ የጳጳሱ ሥልጣን ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሕገ ደንብ ቍጥር 121 ላይ፣ የሚዘመሩ ቃላት ከካቶሊካዊት ትምህርት ጋር መስማማት ብቻ ሳይሆን በተለይ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከሥርዓተ አምልኮ ምንጮች መቀዳት እንዳለባቸው ይናገራል። ስለዚህ ያለ ነቀፋ የተመረመረ መዝሙር ለጉባኤና ለሠርግ እጅግ የተመቸ ሆኖ፣ ለቅዳሴ ግን ላይሆን ይችላል። የካህኑንም ስም ሳያስፈቅዱ በሽፋኑ ላይ ማተም አይገባም፤ በተለይ እርሱ ካየው በኋላ አንድ መስመር ተለውጦ ከሆነ።

መለወጥ ደግሞ በመቅረጫው ክፍል ውስጥ ይመጣል። መሪው ዘማሪ በመጨረሻው አዝማች ላይ ልቡ ሲነካ ከወረቀቱ ውጭ ቃል ይጨምራል፤ «አባቴ ተሰቀልህልኝ» ብሎ ይጮኻል፤ ክፍሉ በሙሉ ስለሚያለቅስም ማንም አያቋርጠውም። ስለዚህ ከመዘምራኑ አንዱ የታረመውን ወረቀት ይዞ በመስታወቱ ማዶ ይቀመጥ፤ የተጨመረውን ቃል ሁሉ ይመዝግብ። ቀረጻው ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ያ ዝርዝር ወደ ካህኑ ይመለስ።